የተረፈው ዱቄት በማን መጋዘን ይደር?

መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዡን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ በቀኝ በኩል አንድ አምድ ጨመሩ። ከላዩ «ደሚ» ብለው ጻፉበት፤ ከሥሩ እስከ ታች ድረስ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ደረደሩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ የጨመሩት ከተማ የታለ?»

«የለም» አሉት፣ ጠመኔውን ሳያስቀምጡ።

«ታዲያ ወደሌለ ከተማ ዱቄት ይላካል እንዴ?»

«አይላክም፤ ይቀራል። የሚቀረው ግን የማን እንደሆነ መዝገቡ ማወቅ አለበት።»

ያን ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ዘዴውን ብቻ ነበር። አቅርቦት ከፍላጎት ከበለጠ አንድ የይስሙላ መድረሻ ጨምር፣ ዋጋውን ዜሮ አድርግ፣ ትርፉን እንደ ፍላጎቱ ጻፍለት፣ ከዚያ እንደተለመደው ፍታ። ፈተናውም በዚሁ አለፈ። መምህሩ ለልጁ የመለሱት መልስ የገባኝ ግን ብዙ ቆይቶ፣ የጭነት ስምሪት ከሚሠሩ ሰዎች አጠገብ ተቀምጬ ሲከራከሩ ስሰማ ነው። የሚከራከሩት መኪናው ወዴት ይሂድ በሚለው ላይ አልነበረም። የማን ዕቃ ሳይጫን ይደር በሚለው ነበር። ያ የዜሮ አምድ የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አንድ የዱቄት ድርጅት ሦስት ፋብሪካ አለው እንበል፤ አንዱ አዳማ፣ ሁለተኛው ቢሾፍቱ፣ ሦስተኛው አሰላ። አዳማ በሳምንት 500 ኩንታል ይፈጫል፣ ቢሾፍቱ 400፣ አሰላ 300። ሲደመር 1200 ኩንታል ነው። ዱቄቱን የሚረከቡት አከፋፋዮች ደግሞ በሦስት ከተማ ናቸው። ለዚህ ሳምንት አዲስ አበባ 450፣ ሐዋሳ 350፣ ድሬዳዋ 250 ኩንታል አዘዋል። ድምሩ 1050 ነው። ስለዚህ 150 ኩንታል ገዢ የለውም።

አንድ ኩንታል ከእያንዳንዱ ፋብሪካ ወደ እያንዳንዱ ከተማ ለማድረስ የሚከፈለው የጭነት ሒሳብ በብር እንደሚከተለው ይሁን። ቁጥሮቹን ያስቀመጥኳቸው ለምሳሌ እንዲመቹ ነው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የመጨረሻው አምድ የመምህራችን አምድ ነው።

| | አዲስ አበባ | ሐዋሳ | ድሬዳዋ | የይስሙላ | አቅርቦት |
|---|---|---|---|---|---|
| አዳማ | 60 | 110 | 180 | 0 | 500 |
| ቢሾፍቱ | 30 | 120 | 210 | 0 | 400 |
| አሰላ | 100 | 90 | 230 | 0 | 300 |
| ፍላጎት | 450 | 350 | 250 | 150 | 1200 |

አምዱ ከመጨመሩ በፊት ችግሩ ምን ነበር? በኦፕሬሽንስ ሪሰርች ትምህርት እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በእጅ ለመፍታት የምንማራቸው ስልቶች፣ ከሰሜን ምዕራብ ጥግ የሚጀምረውም፣ ከትንሹ ዋጋ የሚጀምረውም፣ የቮግል የሚባለውም፣ የቆሙት በአንድ ውል ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ረድፍ ያለው በሙሉ ይወጣል፤ ወደ እያንዳንዱ አምድ የተጠየቀው በሙሉ ይገባል። የወጣው ሁሉ የሆነ ቦታ ስለሚገባ የረድፎቹ ድምርና የአምዶቹ ድምር እኩል መሆን ግድ ነው። 1200 ወጥቶ 1050 ብቻ ከገባ ውሉ ፈረሰ። ሒሳቡ የቱንም ያህል ብንደክም አይዘጋም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩልበት መፍትሔ አለ። «ትርፉ 150 ነው፣ ፋብሪካው ሦስት ነው፣ እያንዳንዱ 50 ኩንታል ያስቀር» ይባላል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ድምሩም ይገጥማል፤ 450፣ 350 እና 250 ሆኖ ወደ 1050 ይወርዳል። ስሕተቱ ግን ሒሳቡ ሊመልስ የሚገባውን ጥያቄ ሒሳቡ ሳይጀመር በግምት መመለሱ ነው። ማን ምን ያህል ያስቀር የሚለው ራሱ የሚፈለገው ነገር ነው፤ ማን ለማን ይላክ ከሚለው ጋር አብሮ እንጂ ተለይቶ አይወሰንም። የይስሙላው አምድ ሥራ ይህን ውሳኔ ወደ ሠንጠረዡ ውስጥ ማስገባት ነው።

አምዱ ላይ የሚጻፍ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ እንይ። በአሰላ ረድፍ፣ በይስሙላው አምድ ሥር 40 ተጽፎ ብታገኙ፣ ከአሰላ 40 ኩንታል ወደሆነ ቦታ ተጫነ ማለት አይደለም። አሰላ ከ300ው 260ውን ላከ፣ 40ው መጋዘኑ ውስጥ አደረ ማለት ነው። ያልተንቀሳቀሰ ዕቃ ሹፌር፣ ነዳጅና ጫኝ አውራጅ ስለማይፈልግ ዋጋው ዜሮ ነው። ከዜሮው ጀርባ ያለው ሐሳብ ይኸው ነው።

አሁን እንፍታው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ አለ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ወድቄበታለሁ። ከትንሹ ዋጋ ጀምር የሚለውን ስልት ቃል በቃል ከወሰድን በሠንጠረዡ ውስጥ ከዜሮ የሚያንስ ዋጋ የለም። ስለዚህ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ይስሙላው አምድ ነው። ሦስቱም ዜሮዎች እኩል ስለሆኑ የቱን እንደምንመርጥ የሚነግረን የለም፤ ዕጣ እንደመጣል ነው። ዕጣው ለቢሾፍቱ ወጣ እንበል። ቢሾፍቱ 150 ኩንታል አስቀረ፣ የቀረውን 250 ወደ አዲስ አበባ ላከ። አዲስ አበባ ገና 200 ይጎድለዋልና በ30 ብር ሊደርሰው ይችል የነበረውን ዱቄት ከአዳማ በ60 ብር ያስመጣል። ገና ከጅምሩ በጣም ርካሹን መንገድ ለባዶ አምድ ሠዋነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የይስሙላውን አምድ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞሉት። እንደሌለ ቆጥረው እውነተኞቹን ከተሞች ይመግባሉ፤ የተረፈው በራሱ ጊዜ ወደዚያ አምድ ይወድቃል። እንዲያ እናድርግ። ከእውነተኛዎቹ ዋጋዎች ትንሹ የቢሾፍቱና የአዲስ አበባው 30 ስለሆነ የቢሾፍቱ 400 በሙሉ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ። አዲስ አበባ 50 ቀረው፤ ቀጥሎ ያለው ርካሽ መንገድ የአዳማው 60 ነውና 50ውን አዳማ ይሙላለት። ከዚያ የአሰላና የሐዋሳው 90 ይመጣል፤ የአሰላ 300 በሙሉ ወደ ሐዋሳ ይሂድ። ሐዋሳ የጎደለውን 50 ከአዳማ በ110 ብር ይውሰድ። ድሬዳዋ 250ውን ከአዳማ በ180 ይቀበል። አዳማ 50፣ 50 እና 250 አውጥቶ 150 ይቀረዋል። ሁሉም ከተማ ጠግቧል፤ የተረፈው 150 በአዳማ ረድፍ፣ በይስሙላው አምድ ሥር ይጻፋል።

ወጪውን እንደምር። ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ 12,000 ብር፣ ከአዳማ አዲስ አበባ 3,000፣ ከአዳማ ሐዋሳ 5,500፣ ከአዳማ ድሬዳዋ 45,000፣ ከአሰላ ሐዋሳ 27,000። ጠቅላላው 92,500 ብር ነው።

ይህ ከሁሉ ያነሰው ወጪ ለመሆኑ ማረጋገጫው ምንድን ነው? አንድ ኩንታል ብቻ እያንቀሳቀስን እንጠይቅ። አሰላ አንድ ኩንታል ቢያስቀርስ? ወደ ሐዋሳ የሚከፈለው 90 ብር ይቀራል። ሐዋሳ ግን ያዘዘውን ማግኘት አለበትና ያንን ኩንታል ከአዳማ በ110 ብር ይወስዳል። የአዳማ ትርፍ በአንድ ይቀንሳል፤ እሱ ምንም አያስከፍልም፣ ምንም አያተርፍም። ስለዚህ ወጪው በ20 ብር ጨመረ። ቢሾፍቱ አንድ ኩንታል ቢያስቀርስ? 30 ብር ይድናል፣ አዲስ አበባ ከአዳማ በ60 ይወስዳል፤ ወጪው በ30 ጨመረ። ባዶ የተተዉትን ሌሎቹን መንገዶች፣ ለምሳሌ ከቢሾፍቱ ወደ ሐዋሳ ወይም ከአሰላ ወደ ድሬዳዋ ያለውን፣ በዚሁ አኳኋን ብትፈትኗቸው ሁሉም ወጪውን ይጨምራሉ። ወጪ የሚቀንስ ለውጥ ከሌለ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምደባ የለም።

በዚህ ፍተሻ የተገኙት ሁለት ቁጥሮች፣ 20 እና 30፣ ለሥራ አስኪያጁ ከጠቅላላው ድምር ያልተናነሰ ይጠቅሙታል። ትርፉ በሙሉ አሰላ ቢቀር 150 ጊዜ 20፣ ማለትም 3,000 ብር ተጨምሮ 95,500 ይሆናል። ዕጣው እንደወጣው ቢሾፍቱ ቢቀር 4,500 ተጨምሮ 97,000 ይሆናል። ያ ፍትሐዊ የመሰለው፣ እያንዳንዱ 50 ያስቀር የተባለውስ? ከአሰላ 50 ጊዜ 20፣ ከቢሾፍቱ 50 ጊዜ 30 ይደመራል፤ 95,000 ብር። እኩል የመከፋፈሉ ዋጋ በሳምንት 2,500 ብር ነው። ድርጅቱ በሌላ ምክንያት፣ ሠራተኛ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ለምሳሌ፣ ይህን ሊከፍል ይችላል። ግን ዋጋውን አውቆ ይክፈል።

ይህን ምሳሌ ለሰዎች ሳሳይ ግምታቸው አብዛኛውን ጊዜ አሰላ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ የራቀው እሱ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ 100፣ ወደ ድሬዳዋ 230 እያለ በሠንጠረዡ ላይ ትልልቅ ቁጥሮች የሚታዩትም በእሱ ረድፍ ነው፤ ስለዚህ «ውዱ ይቅር» ይላሉ። አሰላ ግን ወደ አዲስ አበባም ወደ ድሬዳዋም አይልክም። የሚልከው ወደ ሐዋሳ ነው፤ በዚያ መንገድ ከሁሉም ይረክሳል። ቢሾፍቱም እንዲሁ በአዲስ አበባ መንገድ የሚደርስበት የለም። አዳማ ግን ወደ ሦስቱም ከተማ ይልካል፤ ከአሰላና ከቢሾፍቱ ያልተሞላውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ርካሽ መንገድ እስከ አቅማቸው ጥግ እንዲሠሩ፣ የሚያጥርም የሚረዝምም ትከሻ ያለው አዳማ ትርፉን ይሸከማል። ትርፍ የሚቀረው በረድፉ ትልቅ ቁጥር ባለበት ሳይሆን፣ መቅረቱ ሌሎቹን በማያናጋበት ቤት ነው። ይህን በዓይን አይቶ መለየት ይከብዳል፤ አምዱ ግን ያሳየዋል።

ሌላም ነገር ይነግረናል። በዚህ ሳምንት አዳማ አንድ ኩንታል ጨምሮ ቢፈጭ ለጭነት ወጪው የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ትርፉ 151 ይሆናል፣ አለቀ። ቢሾፍቱ አንድ ኩንታል ቢጨምር ግን 30 ብር ይድናል፤ አሰላ ቢጨምር 20። ወፍጮ ለማስፋት ገንዘብ የያዘ ሰው የት ያውለው ለሚለው፣ በጭነት በኩል ያለው መልስ እነዚሁ ከዜሮው አምድ የወጡት ቁጥሮች ናቸው።

አሁን ወደ ዜሮው ራሱ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የፈለግሁት እዚህ ጋ ነው። ዜሮ የተመረጠው ልዩ ኃይል ስላለው አይደለም። በሦስቱም ረድፍ ዜሮ በመጻፍ ፈንታ 25 ብንጽፍ ምደባው ያው ነው። የይስሙላው አምድ የግድ 150 ኩንታል ስለሚይዝ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ 150 ጊዜ 25 ማለትም 3,750 ብር በሁሉም አማራጮች ላይ እኩል ይደመራል። ርካሹ ርካሽ እንደሆነ፣ ውዱም ውድ እንደሆነ ይቀራል። ወሳኙ የአምዱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸው ነው። ዜሮ ከእኩል ቁጥሮች ሁሉ የሚቀልለው ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እኩል ካልሆኑስ? አዳማ ያለው መጋዘን የኪራይ ነው እንበል፤ ያደረ ኩንታል በሳምንት 25 ብር ያስከፍላል። አሰላና ቢሾፍቱ ግን የራሳቸው ሰፊ መጋዘን ስላላቸው የሚከፍሉት የለም። በአዳማ ረድፍ ዜሮውን ሰርዘን 25 እንጻፍ። ትርፉ አዳማ ከቀረ ወጪው 92,500 እና 3,750፣ ድምሩ 96,250 ሆነ። አሰላ ከቀረ ግን ቀደም ብለን ያገኘነው 95,500 ነው፤ ኪራይ የለበትም። አሰላ ማስቀረት በኩንታል 20 ብር ያስወጣል፣ አዳማ ማስቀረት ደግሞ 25። ስለዚህ ትርፉ አሰላ ይደር፤ ምደባው ተገለበጠ። አዳማ ከ150ው ተላቆ ለሐዋሳ ይጭናል፤ አሰላም 150 ኩንታል ብቻ ልኮ 150 ያሳድራል። አንዲት የኪራይ ደረሰኝ ሠንጠረዡን እንዲህ ታዞረዋለች።

ስለዚህ ዜሮ ብለን ስንጽፍ አንድ ነገር እየመሰከርን ነው፤ ዕቃው ቢያድር ምንም ወጪ የለም፣ ወይም ወጪው በሁሉም ቦታ እኩል ነው እያልን ነው። ዱቄት ለአንድ ሳምንት ደረቅ መጋዘን ውስጥ ቢያድር ምስክርነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ቲማቲም ከሆነ ግን ውሸት ነው፤ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ቦታ ያደረና ፀሐይ ላይ ያደረ ቲማቲም አንድ አይደለም። ፋብሪካዎቹ ለመፍጨት የሚያወጡት ወጪ የተለያየ ከሆነና ትርፉ ከናካቴው ሳይፈጭ የሚቀር ከሆነም የመፍጫው ወጪ በእያንዳንዱ እውነተኛ መንገድ ዋጋ ላይ መደመር አለበት። ያኔ ዜሮው እንደገና እውነት ይሆናል፤ ያልተፈጨ ስንዴ መፍጫም ማጓጓዣም አላስወጣምና። ያስቸገረኝ ስሕተት ይህ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ሥራውን ከመማሪያ መጽሐፍ በተቀዳ ሠንጠረዥ ሲመራ አይቻለሁ፤ አምዱ በዜሮ ተሞልቶ ነበር፤ በሌላው ጠረጴዛ ላይ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ግን በየወሩ ለአንዱ መጋዘን ብቻ ኪራይ ይከፍል ነበር። ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም ነበር።

ዛሬ ይህን ሁሉ በእጅ የሚያሰላ ጥቂት ነው። ኤክሴል ውስጥ ባለው `Solver` ማስላት ይቻላል፤ እዚያ የይስሙላ አምድ መጨመር ግዴታ አይደለም። ለፋብሪካዎቹ «የወጣው ካለው አይብለጥ»፣ ለከተሞቹ «የገባው ከታዘዘው ጋር እኩል ይሁን» ብሎ መጻፍ ይበቃል። በፋብሪካና በከተማ ድምሮች ላይ የሚጻፈው ገደብ ይህን ይመስላል፤

```
E2:E4 <= F2:F4
B5:D5 = B6:D6
```

መጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው «አይብለጥ» የምትል ምልክት የዜሮውን አምድ ሥራ በውስጥ ትሠራዋለች። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ «የቀረ» የሚል ስውር ቁጥር ይይዛል፤ ዋጋውም ዜሮ ነው። የመምህራችን አምድ ይህንኑ ስውር ቁጥር ገሃድ አውጥቶ የሚያሳይ ነው። ሲገለጥ ደግሞ ጥቅም አለው፤ ዜሮው ስለሚታይ «እውነት ዜሮ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይገኛል።

ምልክቷ ከተሳሳተች ምን እንደሚከተል ማወቅም ይበጃል። ሁለቱንም መስመር «እኩል» ካደረጋችሁ `Solver could not find a feasible solution` የሚል መልእክት ይወጣል። 1200 ከ1050 ጋር እኩል አይሆንምና ልክ ነው። ይህ ስሕተት ራሱን ስለሚያጋልጥ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላው ነው። አንዳንዱ መልእክቱ እንዲጠፋለት ብሎ ለፋብሪካዎቹ «እኩል»፣ ለከተሞቹ «ከታዘዘው አይነስ» ይጽፋል። ፕሮግራሙ ያለ ቅሬታ መልስ ይሰጣል፤ 101,500 ብር። ምን አደረገ? ትርፉን 150 ኩንታል ከአዳማ ጭኖ አዲስ አበባ ማንም ያላዘዘውን ዱቄት አራገፈ። 9,000 ብር ለባዶ ጉዞ ወጣ። የምታውቁበት መንገድ አንድ ነው፤ መልሱን ስታዩ ከድምሩ በፊት እያንዳንዱ ከተማ የደረሰውን ካዘዘው ጋር አስተያዩ። ከታዘዘ በላይ የገባበት ከተማ ካለ ትርፋችሁ የሚቀርበት ቤት አጥቶ መንገድ ወጥቷል ማለት ነው።

በእጅ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች። ሦስት ረድፍና አራት አምድ ሲኖር የተሞሉት ሳጥኖች ስድስት መሆን አለባቸው፤ ሁለቱን ደምሮ አንድ መቀነስ ነው። የኛን መልስ ቁጠሩት፤ አንድ ከቢሾፍቱ፣ አንድ ከአሰላ፣ አራት ከአዳማ፣ ስድስት። የይስሙላው አምድም ከነሣጥኑ ይቆጠራል። ተማሪዎች እሱን ረስተው አምስት ሲያገኙ መልሳቸው የተበላሸ መስሏቸው ይደናገጣሉ።

ችግሩን በዚህ መልክ ያቀረበው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንክ ሂችኮክ ነው፤ በ1941 እ.ኤ.አ.። በዚያው የጦርነት ዘመን ዋሽንግተን ውስጥ የአጋር አገሮችን የንግድ መርከቦች ስምሪት የሚያጠናው ኔዘርላንዳዊው ቻሊንግ ኮፕማንስ ለብቻው እዚያው ነገር ላይ ደረሰ። ኮፕማንስ ከሶቪየቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። የእጅ አሠራሩን በሲምፕሌክስ ስልት ላይ መሠረት አስይዞ ያስቀመጠው ጆርጅ ዳንትዚግ ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ.። ድምሮቹ እኩል የሚሆኑበት ሠንጠረዥ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። እውነተኛው ገበያ እኩል ስለማይመጣ ግን የይስሙላው አምድ አብሮ ኖረ።

ነገሩ ሲገለበጥ፣ ማለትም ፍላጎት ከአቅርቦት ሲበልጥ፣ የሚጨመረው መድረሻ ሳይሆን መነሻ ነው፤ አምድ ሳይሆን ረድፍ። አሠራሩ ያው ነው። ዜሮው ግን ሌላ ክብደት ያገኛል። የአዳማው ወፍጮ ተበላሽቶ 250 ኩንታል ብቻ ፈጨ እንበል። ጠቅላላው 950 ነው፤ 100 ኩንታል ይጎድላል። የይስሙላ ፋብሪካ በዜሮ ዋጋ ጨምረን ስንፈታ አዲስ አበባና ሐዋሳ ያዘዙት አንድም ሳይጎድል ይደርሳቸዋል። ጉድለቱ 100ው በሙሉ ድሬዳዋ ላይ ያርፋል፤ 250 አዝዞ 150 ይደርሰዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዜሮው «ያልደረሰው ሰው ምንም አይጎዳም» ስለሚል፣ ሒሳቡ ለማድረስ የሚወደውን፣ ሩቁን ከተማ ያስርባል። ወጪው ትንሽ ሆነ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ ድሬዳዋ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ግን ምድጃውን አላነደደም። ትርፍ ሲኖር ዜሮው የሚያሳስተን የመጋዘን ኪራይ ነው፤ እጥረት ሲኖር ግን የሰው ጉዳት ነው። በዚያ ረድፍ ከዜሮ ይልቅ ለእያንዳንዱ ከተማ የጉድለቱን ዋጋ መጻፍ፣ ወይም ማንም ከታዘዘው ከዚህ በታች አይድረሰው የሚል ገደብ ማስቀመጥ ይገባል።

እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በእጃችሁ ካለ ወደ መጨረሻው አምድ ሂዱና ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ከዚያ ከየመጋዘኑ ያለፈውን ወር የኪራይ፣ የጥበቃና የብልሽት ሒሳብ አስመጡ፤ ሦስቱ ደረሰኞች እኩል ካልሆኑ ዜሮውን ሰርዛችሁ እውነተኛውን ቁጥር ጻፉበት።